ሚክሰሩ ሲጠነክርና ከሥሩ ውሃ ሲያወጣ፦ የካርትሪጅና የጎሚኒ አለዋወጥ

ባለ አንድ እጀታ ሚክሰር ሁለት ሕመም ያበዛል። አንዱ እጀታው መጠንከሩ ነው። ለመክፈት ሁለት እጅ ይፈልጋል፣ ወይም ሙቁንና ቀዝቃዛውን ለማመጣጠን ስትሉ ዘሎ ያልፋል። ሌላው ከሥሩ፣ ሲንኩ ላይ ከተቀመጠበት ቦታ፣ ውሃ ማውጣቱ ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን ጠቅልሎ "ካርትሪጁ ተበልቷል" ይላል። የመጠንከሩ ነገር አብዛኛውን ጊዜ እውነትም የካርትሪጁ ነው። ከሥር የሚወጣው ውሃ ግን ብዙ ጊዜ የሌላ ጎሚኒ ጣጣ ነው። አዲስ ካርትሪጅ ተገዝቶ፣ ተገጥሞ፣ ሲንኩ ላይ ያው ኩሬ የሚጠብቃችሁ በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ የምናየው የወጥ ቤቱን ሚክሰር ነው፤ አንገቱ ግራና ቀኝ የሚዞረውን። የእጅ መታጠቢያው ካርትሪጅም የሚለወጠው በዚሁ መንገድ ነው። የእሱ አንገት አብዛኛውን ጊዜ ስለማይዞር ግን የአንገት ጎሚኒ ጉዳይ አይመለከተውም።

ውስጡ ያለው

ሙቁና ቀዝቃዛው ውሃ ከሲንኩ ሥር በሁለት ፍሌክሲብል ቱቦ ይመጣና ካርትሪጁ ሥር ይደርሳል። ካርትሪጅ ማለት እጀታው ሥር የተቀመጠው የፕላስቲክ ዕቃ ነው። ሆዱ ውስጥ ሁለት የሴራሚክ ሳህኖች ተደራርበዋል። የታችኛው አይንቀሳቀስም፤ ሁለት መግቢያና አንድ መውጫ ቀዳዳ አለው። የላይኛው እጀታውን እየተከተለ በላዩ ይንሸራተታል፤ ቀዳዳዎቹን ሲሸፍን ውሃው ይዘጋል። ፊታቸው እጅግ የለሰለሰ ስለሆነ በመካከላቸው ጎማ ሳያስፈልግ ውሃ ይይዛሉ። ያለው ስስ የቅባት ሽፋን ብቻ ነው።

ያ ቅባት በዓመታት ይታጠባል። ያን ጊዜ ሴራሚክ በሴራሚክ ላይ በደረቁ ይፈጫል፣ እጀታውም ይጠነክራል። ውሃው ኖራ የሚበዛበት ከሆነ ደግሞ ነጩ ቅርፊት ይጋገርበታል። ድሬዳዋ የኖረ ሰው ይህን ከማንቆርቆሪያው ያውቀዋል። አዲስ አበባ ላይ ሌላ ጠላት አለ። ውሃ በፈረቃ ሄዶ ሲመለስ ዝገትና አሸዋ ይዞ ይመጣል። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ሳህኖቹ መሃል ከገባች ፊታቸውን ትጭራለች። ከዚያ በኋላ ዝግ ቢሆንም ጠብ ጠብ ማለቱ አይቀርም።

ለፍሳሹ ቁልፉ ነገር ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ውሃው ከካርትሪጁ ከወጣ በኋላ ወደ አንገቱ የሚገባው በሚክሰሩ አካልና በአንገቱ ቀለበት መሃል ባለ ጠባብ ክፍት ቦታ በኩል ነው። አንገቱ እየዞረም ውሃው እንዳያመልጥ ያንን ቦታ አንድ ክብ ጎሚኒ ከላይ፣ አንድ ከታች ይዘጉታል። ይህ ቦታ ግፊት የሚያገኘው ቧንቧው ሲከፈት ብቻ ነው። ስለዚህ የታችኛው ጎሚኒ ሲያረጅ ውሃ ከሥር የሚወጣው ስትከፍቱ ነው፤ ስትዘጉ ይቆማል።

መጀመሪያ ከየት እንደሚወጣ መለየት

ምንም ነገር ሳትፈቱ ሚክሰሩን ከላይ እስከ ታች በደረቅ ጨርቅ አድርቁት። ከእጀታው ሥር አንድ ሶፍት ጠቅልሉ፣ ሲንኩን በሚነካበት ዙሪያ ሌላ ሶፍት አድርጉ፣ ሲንኩ ሥር ከቱቦዎቹ በታች ደግሞ ደረቅ ወረቀት አንጥፉ። ዘግታችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል ተዉት። ከዚያ ክፈቱትና አንገቱን ቀስ እያላችሁ ግራና ቀኝ አዙሩ፣ ሶፍቶቹንም ተመልከቱ።

ዝግ እያለ ሁሉም ደርቆ፣ ሲከፈት ከሥር ያለው ሶፍት ከራሰ የአንገቱ ጎሚኒ ነው። ዝግ እያለ ከአንገቱ ጫፍ ጠብ ጠብ የሚል ከሆነ ካርትሪጁ ወይም ከሥሩ ያሉት ትናንሽ ጎሚኒዎች ናቸው። ከእጀታው ሥር የሚወጣ ውሃ አታላይ ነው። በአካሉ ላይ ተንሸራትቶ ሲንኩ ላይ ስለሚጠራቀም "ከሥሩ ነው" ያሰኛል። ላይኛውን ሶፍት የጠቀለልነው ለዚህ ነው። እሱ ከራሰ ካርትሪጁን የሚይዘው ነት ላልቶ፣ ካርትሪጁ ራሱ አርጅቶ ወይም የአንገቱ የላይኛው ጎሚኒ ተበልቶ ሊሆን ይችላል።

ሲንኩ ሥር ያለው ወረቀት ብቻ ከራሰ ደግሞ ቱቦዎቹን ተመልከቱ። አንድ ሌላ ነገርም አለ። ሚክሰሩ ሲነኩት የሚወላገድ ከሆነ ሲንኩ ላይ የተረጨ ውሃ ከሥሩ ባለው ቀጭን ጎማ አልፎ ወደ ካቢኔቱ ይወርዳል። ይህ የሚክሰሩ ፍሳሽ አይደለም። ከሲንኩ ሥር ያለውን ማሰሪያ ነት ስታጠብቁት ይቆማል።

አንድ ምሳሌ

ኮንዶሚኒየማችን ውስጥ ያሉ አንዲት እናት የወጥ ቤታቸው ሚክሰር እንዲህ ሆኖባቸው ነበር። እጀታው ጠንክሯል፣ ሲንኩ ዙሪያም ሁሌ ውሃ አይጠፋም። ባለሙያ አስጠርተው ካርትሪጁ ተለወጠ። እጀታው እንደ ቅቤ ለሰለሰ፣ ውሃው ግን ቀጠለ። "ልጄ፣ አዲስ ገጠመልኝ፣ ገንዘቤን ተቀብሎ ሄደ፣ ይኸው ያው ነው" አሉኝ። "እትዬ፣ የሚወጣው ሲከፍቱት ነው ወይስ ዘግተውትም?" አልኳቸው። ጥቂት አሰቡና "ዕቃ ሳጥብ ነው፤ ጠዋት ስነሳማ ደርቆ አገኘዋለሁ" አሉ። ከዚህ በላይ ምርመራ አያስፈልገውም። አንገቱ ሲነሳ የታችኛው ጎሚኒ ጠፍጥፎ፣ ጠንክሮ፣ በአንድ በኩል ተሰንጥቆ ተገኘ። የመጣው ባለሙያ አንገቱን አላነሳውም፤ ከላይ ያለውን ብቻ ነው የነካው። እንዲያ ተከፍቶ እያለ ሁለቱንም መለወጥ የተጨማሪ አምስት ደቂቃ ሥራ ነበር።

ስለዚህ የእኔ ምክር፣ ካርትሪጅ ለመለወጥ ከከፈታችሁት የአንገቱን ጎሚኒዎችም አብራችሁ ለውጡ። ጎሚኒ ውድ ዕቃ አይደለም፤ ድጋሚ መፍታቱ ነው አድካሚው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

አለን የሚባለው ባለ ስድስት ጎን ቀጭን መፍቻ (ብዙ ጊዜ 2.5 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ነው)፣ የሚሰፋና የሚጠብ መፍቻ፣ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ፣ ስቴኪኒ፣ አቼቶ፣ ጨርቅና የሲሊኮን ቅባት። ቫዝሊን እንዳትጠቀሙ። ቫዝሊን ከነዳጅ የሚገኝ ቅባት ነው። በውሃ ዕቃ ላይ የሚበዛውን የጎማ ዓይነት ያሳብጠዋል፣ ያላላዋልም። የምግብ ዘይትም ቢሆን ከጊዜ በኋላ ይበላሻል፣ ይጣበቃልም። የሲሊኮን ቅባት ካጣችሁ ጎሚኒውን በጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ አርጥባችሁ አስገቡት፤ ለመግጠም ያህል ይበቃል።

ውሃውን መዝጋት

ከሲንኩ ሥር ሁለት አንግል ቫልቮች አሉ። ሁለቱንም ዝጉ። ለዓመታት ያልተነካ ቫልቭ አልዞር ካለ በመፍቻ አትታገሉት፤ ተሰብሮ በእጃችሁ ከቀረ ሥራው ሌላ ይሆናል። ከቆጣሪው ያለውን ዋና መዝጊያ ዝጉ። ሮቶ ካላችሁ የሮቶውንም መውጫ አትርሱ። ቆጣሪው ተዘግቶም ውሃው ከላይ በራሱ ክብደት መውረዱን አይተውም። ፓምፕ ካለም ከሶኬቱ ንቀሉት።

ሙቁ ከቦይለር የሚመጣ ከሆነ መጀመሪያ ብሬከሩን አጥፉ። የሙቁ ቫልቭ የማይዘጋ ከሆነ የቦይለሩን ቀዝቃዛ መግቢያ ዝጉ፣ ውሃውም እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። ከዚያ ሚክሰሩን ወደ ሙቁም ወደ ቀዝቃዛውም አድርጋችሁ ክፈቱት። ያለው ግፊት ይውጣ። ውሃው ጨርሶ ካልቆመ የሆነ ቫልቭ አልያዘም ማለት ነው፤ እስኪቆም ድረስ ወደ መፍታት አትግቡ።

የሲንኩን ፍሳሽ በጨርቅ ድፈኑ። የእጀታው ብሎን ትንሽ ናት። እዚያ ከገባች አትገኝም።

መፍታት

እጀታው ላይ ቀይና ሰማያዊ ምልክት ያለባት ትንሽ የፕላስቲክ ክዳን አለች። በካቻቢቴ ጫፍ ቀስ አድርጋችሁ አንሷት፣ ብሎኗ ከሥሯ ናት። አንዳንዱ ሚክሰር ላይ ክዳኗ ከእጀታው ጀርባ ወይም ከሥሩ ትገኛለች። ብሎኗን ሙሉ በሙሉ አውጥታችሁ ማስቀመጥ አያስፈልግም፤ ላላ ስትል እጀታው ወደ ላይ ይወጣል። ኖራ ይዞት አልወጣ ካለ በሞቀ አቼቶ የራሰ ጨርቅ ለጥቂት ጊዜ ጠቅልሉበት፣ ከዚያ ግራ ቀኝ እያወዛወዛችሁ ሳቡ። በመዶሻ አይመታም። ከካርትሪጁ ወጥቶ እጀታው ውስጥ የሚገባው ዘንግ በቀላሉ ይሰበራል። አቼቶው ክሮሙ ላይ እንዳይቆይ ደግሞ በውሃ እጠቡት።

ከእጀታው ሥር የሚያብረቀርቅ ጉልላት መሳይ ክዳን አለ። ብዙውን ጊዜ በእጅ ይዞራል፣ ወደ ግራ። ካንሸራተታችሁ የጎማ ጓንት አድርጉ። ፒንሳ ክሮሙን ይበላዋል።

ከክዳኑ ሥር ካርትሪጁን ተጭኖ የያዘው ነት ይታያል። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ነቱን በመፍቻ ስታዞሩ በሌላ እጃችሁ የሚክሰሩን አካል አጥብቃችሁ ያዙ፣ ወይም ሰው ያግዛችሁ። አለበለዚያ ሚክሰሩ በሙሉ ሲንኩ ላይ አብሮ ይዞራል። ያን ጊዜ ከሥር ያሉት ቱቦዎች ይጠመዘዛሉ፣ ማሰሪያውም ይላላል። ከዚያ በኋላ የሚወጣው ውሃ ከካርትሪጁ አይደለም፣ እናንተ የጨመራችሁት ነው።

ነቱ ሲወጣ ካርትሪጁን ከመንቀላችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱት። የዘንጉ አቅጣጫ ወደየት እንደሆነ ይታይ። ከዚያ ወደ ላይ ሳቡት። ከሥሩ ሁለት ትናንሽ ጥርሶች አሉት፤ አካሉ ውስጥ ባሉ ሁለት ጉድጓዶች ይገባሉ። ካርትሪጁ እንዳይዞር የሚይዙት እነሱ ናቸው።

ነቱ ከወጣ በኋላ በአብዛኛው ሚክሰር አንገቱ ይነሳል። እያዞራችሁ ወደ ላይ ሳቡት። ሁለቱ ጎሚኒዎችና አንገቱ እንዲንሸራተት የሚያግዙ ነጫጭ የፕላስቲክ ቀለበቶች አካሉ ላይ ይታያሉ። የትኛው የት እንደነበር እንዳይምታታባችሁ ይህንንም ፎቶ አንሱት።

ትክክለኛውን ዕቃ መግዛት

አሮጌውን ካርትሪጅ ይዛችሁ ሂዱ። "የሚክሰር ካርትሪጅ ስጡኝ" ብቻ ማለት አይበቃም። በብዛት የሚገኙት ዲያሜትራቸው 35 እና 40 ሚሊ ሜትር የሆኑ ናቸው። በዓይን ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ በማስመሪያ ለኩ። የሚለካው ሰፊው የፕላስቲክ አካል ነው፣ ዘንጉ አይደለም።

መጠኑ አንድ መሆኑ ብቻውን ግን ዋስትና አይሆንም። ሁለቱን ገልብጣችሁ ሥራቸውን ጎን ለጎን አስተያዩ። ሦስቱ ቀዳዳዎችና ሁለቱ ጥርሶች በአንድ ቦታ መዋል አለባቸው። የአንዱ ሥር ጠፍጣፋ፣ የሌላው ደግሞ ከፍ ያለ ተረከዝ ያለው ሊሆን ይችላል። እነዚህ አይለዋወጡም። የዘንጉ ውፍረትና ቁመትም እንደ አሮጌው ካልሆነ እጀታው አይገባም፣ ወይም ላይ ተንሳፎ ይቀራል። ባለሱቁ "ይሄ ለሁሉም ይሆናል" ካላችሁ እጀታችሁን አውጡና እዚያው ሞክሩት። እጀታውንም ይዛችሁ ሂዱ የምለው ለዚህ ነው።

ጎሚኒዎቹንም በናሙና ግዙ። ያረጀ ጎሚኒ ጠፍጥፎ ከድሮው ስለሚቀጥን በእሱ ውፍረት ልክ የተገዛ አዲስ ሊሳሳ ይችላል። አዲሱ መቀመጫው ውስጥ ሲገባ ከአካሉ ጥቂት ወጣ ብሎ በጣት የሚዳሰስ መሆን አለበት። ከአካሉ ጋር እኩል ከሆነ ወይም ገባ ካለ አይዘጋም።

ማጽዳትና መግጠም

የካርትሪጁን መቀመጫ በጨርቅ ጥረጉ። ነጭ ቅርፊት ካለ በአቼቶ አርጥባችሁ አለስልሱት፣ በስቴኪኒ አንሱት። ቢላ አይገባም። የካርትሪጁ ጎሚኒዎች የሚያርፉት እዚህ ፊት ላይ ነው፤ ከተጫረ አዲሱም ያፈሳል።

በመቀጠል ቱቦው ውስጥ የቀረውን አሸዋ አውጡ። ክፍቱ አካል ላይ ብርጭቆ ድፉና በጨርቅ ያዙት፣ የቀዝቃዛውን ቫልቭ ለአንድ አፍታ ትንሽ ክፈቱ፣ ዝጉ። ውሃው በኃይል ስለሚዘል ያለ ብርጭቆው ጣሪያ ይደርሳል። ይህ እርምጃ ቢዘለል አዲሱ ካርትሪጅ በመጀመሪያው ቀን አሸዋ ሊበላ ይችላል።

አሮጌዎቹን የአንገት ጎሚኒዎች በስቴኪኒ አንስታችሁ አውጡ። መቀመጫቸውን ጥረጉ። አዲሶቹን ስስ የሲሊኮን ቅባት ቀብታችሁ አስገቡ፣ እንዳልተጠማዘዙ በጣት ዙሪያቸውን ዳብሱ። የአንገቱን ቀለበት ውስጥም እዩ፤ ኖራ ካለ አዲሱን ጎሚኒ እየገባ ይቆርጠዋል። አንገቱን ቀጥ አድርጋችሁ፣ ግራ ቀኝ እያወዛወዛችሁ ወደ ታች ግፉ።

አዲሱ ካርትሪጅ ሥር ሁሉም ጎሚኒዎች መኖራቸውን አረጋግጡ። እየወደቁ ማሸጊያው ውስጥ የሚቀሩ አሉ። ጥርሶቹ ጉድጓዳቸው ውስጥ ገብተው ካርትሪጁ ሳይወላገድ መቀመጥ አለበት። ግማሽ ዙር ተገልብጦ መግባት በሚችል ሚክሰር ላይ ካጠፋችሁ ሙቁና ቀዝቃዛው ይቀያየራሉ፤ ፎቶውን ተመልከቱ።

ነቱን በእጅ እስኪቆም አጥብቁ፣ ከዚያ በመፍቻ ሩብ ዙር ያህል ጨምሩ። አሁን እጀታውን ለጊዜው አስገብታችሁ ሞክሩት። ከጠነከረ ነቱ ከልክ በላይ ጠብቋል፤ ሳህኖቹን አጣብቋቸዋል። ትንሽ አላሉት። አዲስ ካርትሪጅ "እሱም ጠነከረ" ተብሎ የሚመለሰው በአብዛኛው በዚህ ነው።

መሞከር

አንገቱ ጫፍ ላይ ያለችውን ወንፊት ፍቱ፣ የሚወጣው ቆሻሻ እንዳይደፍናት። ሚክሰሩን መሃል ላይ ከፍታችሁ ቫልቮቹን ቀስ እያላችሁ ክፈቱ። መጀመሪያ አየር ይተፋል፣ ከዚያ ይጠራል። ቦይለሩን ያበራችሁት ከሙቁ በኩል ውሃ ያለ አየር መምጣቱን ካያችሁ በኋላ ይሁን። ባዶ ቦይለር ሲበራ ማሞቂያው ይቃጠላል።

ከዚያ የሶፍቱን ፈተና ድገሙት፤ ዘግታችሁ፣ ከፍታችሁ፣ አንገቱን አዙራችሁ። ከእጀታው ሥር ጥቂት ካረጠበ ነቱን ትንሽ ጨምሩ። ዝግ እያለ ከአንገቱ ጫፍ የሚንጠባጠብ ከሆነ ካርትሪጁን አውጡና መቀመጫውን እንደገና እዩ፤ አንድ ቅንጣት ተቀምጦበት ይሆናል። ከሥር ያለው ከራሰ አዲሱ የታችኛው ጎሚኒ ቀጥኗል፣ ወይም ሲገባ ተቆርጧል።

የማይጠገን ሚክሰርም አለ። አካሉ ውስጥ ያለው መቀመጫ በዝገት ጉድጓድ ጉድጓድ ከሆነ፣ ነቱ የሚይዝበት ጥርስ ከተበላ ወይም አካሉ ራሱ ከተሰነጠቀ ካርትሪጅ አትግዙ። ርካሹ ሚክሰር ብዙ ጊዜ ከነሐስ ሳይሆን ከተሰባሪ ቅልቅል ብረት ይሠራል፤ እጅ ላይ ሲቀል ያስታውቃል። በዚያ ላይ መፍቻ አጥብቆ መጫን ስንጥቅ ያመጣል።

ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆናችሁ ደግሞ ውሃው ሲመለስ መጀመሪያ የምትከፍቱት ግቢው ውስጥ ወይም መታጠቢያ ቤት ያለውን ተራ ቧንቧ ይሁን። ቀይ ውሃውና አሸዋው በዚያ ይውጣ፤ ሲጠራ ሚክሰሩን ክፈቱ። ውሃ በሄደበት ሰዓትም የሚክሰሩን እጀታ ዝግ አድርጋችሁ ውጡ። ክፍት ሆኖ የቆየ ሚክሰር ዕቃ ከሞላ ሲንክ ጋር ከተገናኘ ታች ያለው ጎረቤት ነው በር የሚያንኳኳው።